ዳባት ከመድረሷ በፊት የሚደርሳት ደብዳቤ

ዳባት ላይ በፈረንጆች 1996 የተጀመረ አንድ ሥራ አለ። የያኔው የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከወረዳው የተመረጡ ቀበሌዎችን ቤት ለቤት መዝግቦ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያለ ይከታተላል። ወረዳው ደጋውንም ወይና ደጋውንም ቆላውንም የያዘ በመሆኑ ለእንዲህ ያለ ጥናት ይመቻል። ሥራው ግን የሚቆመው በመረጃ ሰብሳቢዎችና በተቆጣጣሪዎቻቸው እግር ነው፤ እነሱ ደግሞ ይቀያየራሉ።

እንበልና ለእንዲህ ዓይነት የምርምር ጣቢያ አዲስ የመስክ ተቆጣጣሪ ተቀጠረች። አካባቢውን አታውቀውም። ውሏ የተፈረመው ጎንደር ነው፤ ጠረጴዛዋ ዳባት ነው፤ ሥራዋ ከአስፋልቱ ወርዶ ቀበሌ ውስጥ ነው፤ የዞኑ ጤና መምሪያ ደግሞ ከዳባት አልፎ ደባርቅ ነው። ከጎንደር ዳባት 75 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አንድ ጥያቄ ለማይመለከተው ሰው ከቀረበ መልሱ «እሱ እንኳ ጎንደር ነው የሚያልቀው» ይሆንና ቀኑ እዚያው ይመሻል። ከመምጣቷ በፊት የሚላክላት የእንኳን ደህና መጡ ኢሜይል ይህን እንዲያስቀርላት ነው የሚጻፈው።

ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ኢሜይሎች የሚጀምሩት በተቋሙ ራዕይና ተልዕኮ ነው። ቀጥሎ የሰው ሀብት፣ ፋይናንስ፣ ንብረት እያሉ ክፍሎቹን በየተራ ይዘረዝራሉ። ይህ ቅደም ተከተል የጸሐፊው ነው፤ ቢሮውን የሚያውቀው እሱ ስለሆነ። አዲሷ ሠራተኛ ግን ቢሮውን በክፍል አይደለም የምታገኘው፤ በቀንና በሰዓት ነው። እሑድ መንገድ ላይ ናት፣ ሰኞ ወረቀት ትፈርማለች፣ ማክሰኞ ዕቃ ትረከባለች፣ ረቡዕ ቀበሌ ትወርዳለች። ደብዳቤውም በዚሁ መንገድ ቢሄድ ይሻላል።

መጀመሪያ ቀንና ሰዓቱ። የኢሜይሉ ርዕስ «እንኳን ደህና መጡ» ብቻ ከሆነ ከሳምንት በኋላ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። «ሰኞ ኅዳር 1 ጠዋት 2፡30፣ ዳባት ቢሮ» ቢል ግን ሳይከፈትም ሥራውን ይሠራል። ኅዳር 1 ቀን 2018 በፈረንጆች ኖቬምበር 10 ቀን 2025 ነው፤ ሁለቱም ቢጻፉ ጥሩ ነው፤ ስልኳ የሚያሳያት የፈረንጁን ነውና። ችግር የሚፈጠረው ደግሞ በቀን መቁጠሪያ ግብዣ ላይ ነው። ጸሐፊው 2፡30 ብሎ ከሞላ ስልኩ የሚረዳው ከሌሊቱ 8፡30ን ነው፤ ግብዣው ላይ መግባት ያለበት 08:30 ነው። ስለዚህ በደብዳቤው ውስጥ «ጠዋት» የሚለው ቃል ከቁጥሩ ተለይቶ አይጻፍ።

ቀጥሎ መንገዱ። ሰኞ ጠዋት 2፡30 ዳባት ለመገኘት ከጎንደር በዚያው ቀን ልነሳ ማለት አያስተማምንም፤ መኪናው እስኪሞላ የሚጠበቅበት ጊዜ አለ። ደብዳቤው እሑድ ቀን ገብታ እንድታድር ይንገራት፤ የት እንደምታድርና ማን እንደሚቀበላትም ይጨምር። ጎንደርን ለምታውቅ ሰው እንኳ ዳባት ይበርዳል፤ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ይብሳል። ወፍራም ጃኬትና የማያንሸራትት ጫማ ማለት በቂ ነው። መንገዱ ክፍት መሆን አለመሆኑ ግን በደብዳቤ አይወሰንም። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው የጸጥታው ሁኔታ በአንድ ሌሊት ሲለዋወጥ ታይቷል። ስለዚህ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «እሑድ ጠዋት ከመነሳትዎ በፊት ለሾፌራችን ይደውሉ፤ መንገዱን እሱ ያውቃል። ይምጡ ወይም ይቆዩ የሚለውን የሚወስነው ግን አስተባባሪው ነው፤ ቢቀሩም ከሥራ እንደ መቅረት አይቆጠርብዎትም።» የመጨረሻዋ ሐረግ ካልተጻፈች አዲስ ሰው የመጀመሪያ ቀኑን ላለማጣት ሲል በማይሆን ቀን ይነሳል።

ሰኞ የወረቀት ቀን ነው። የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ቅጂው፣ ከቀድሞው መሥሪያ ቤት የተሰጠ መልቀቂያ፣ ፎቶግራፍ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ቀድሞ ሠርታ ከሆነ የጡረታ መለያ ቁጥር። ይህን ሁሉም ቢሮ ይጽፈዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከእነዚህ የትኛው ቢጎድል ምን እንደሚከተል ነው። ፎቶ ቢጎድል መታወቂያዋ ይዘገያል፤ ያም ሆኖ ሥራ አይቆምም። የግብር መለያው ወይም የባንክ ሒሳቡ ቢጎድል ግን ስሟ በወሩ የደመወዝ ዝርዝር ላይ ላይገባ ይችላል፤ ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ የኅዳር ደመወዝ ከታኅሣሥ ጋር ይመጣል። በሰው አገር ቤት ለተከራየ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ዝርዝሩ ጎንደር የሚዘጋበት ቀንና የሚዘጋው ሰው ስም በደብዳቤው ላይ ይኑር። ውሏ ላይ ያለው ደመወዝና እጇ የሚገባው አንድ እንዳልሆነም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራት፤ ከእሷ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ የሥራ ግብርም አለ። ይህን ቀድማ ካላወቀች የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ገንዘቤ ለምን ጎደለ» ይሆናል፤ የምትጠይቀውም ምናልባት ስለ ደመወዝ ምንም የማያውቀውን የዳባት ባልደረባዋን ነው።

ማክሰኞ ርክክብ ነው። ታብሌቱ፣ ቻርጀሩ፣ ቦርሳው፣ የዝናብ ልብሱ በሞዴል 22 በስሟ ወጪ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ቢጠፉ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ከመፈረሟ በፊት ታብሌቱን ከፍታ፣ የባትሪውን ሁኔታ አይታ፣ የመለያ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር ታመሳክር። ቀድሞ የተሰነጠቀ ስክሪን ካለ በቅጹ ላይ ይጻፍ። ንብረት ክፍልን ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም፤ ጥሩ የንብረት ኃላፊ የሚያነብ ፈራሚ ይወዳል።

ረቡዕና ሐሙስ ቀበሌ ናቸው፤ ደብዳቤው «ማንን ምን ልጠይቅ» ለሚለው ሰፊ ቦታ መስጠት ያለበትም እዚህ ላይ ነው። ቢሮ ውስጥ ለተሳሳተ ሰው የቀረበ ጥያቄ ቀን ያባክናል፤ ቀበሌ ውስጥ ግን መረጃውን ያበላሻል፣ ከሰውም ያቀያይማል። አንድ ጉዳይ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። መረጃ ሰብሳቢው «እዚያ ማዶ ቤት ባለፈው ወር ሰው ሞቷል አሉ» አላት እንበል። መሞቱን ማን ያረጋግጣል? ቀብር ከቤተ ክርስቲያንና ከዕድር አያልፍም፤ ስለዚህ ቄሱን ወይም የዕድሩን ዳኛ ትጠይቃለች፤ ቄሱንም አባ ብላ። ሟች ሕፃን ከሆነ፣ በተለይም ስም ሳይወጣለት የሞተ ከሆነ፣ ከእነሱ ይልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታውቅ ይሆናል፤ የእናቲቱን እርግዝና ስትከታተል ነበርና። ወደ ቤቱ የሚያስገባት ማን ነው? የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ያስተዋውቃታል፤ ሥልጣኑ ግን እዚያ ላይ ያበቃል። ቤተሰቡ «አንናገርም» ካለ ሥራ አስኪያጁን «እባክዎ ይንገሩልኝ» ማለት የለባትም። በቀበሌ ግፊት የተገኘ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም፤ በሚቀጥለው ዙርም ያ ቤት በሩን ይዘጋል። ለእምቢታ የሚደወለው ዳባት ላለው የመስክ አስተባባሪ ነው።

ስለ አሟሟቱስ ማን ይጠየቃል? በዚህ ጥናት ከሞት በኋላ የሚደረግ ዝርዝር ቃለ መጠይቅ አለ፤ ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ ያስለው ነበር ወይ እየተባለ ይጠየቃል፤ ምክንያቱን ከዚህ ተነስቶ የሚወስነው ሌላ ባለሙያ ነው። መልስ ሰጪው ሟቹን ያስታመመው ሰው መሆን አለበት። ጎረቤት «ወባ ነው» ቢል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም «ሳንባ ነው» ብትል፣ በአስታማሚው ቃል ምትክ አይጻፍም። ሐዘኑ ገና ትኩስ ሳለም አይኬድም። ይህ በዚህ ወረዳ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ከሌላ አገር የመጣች ተቆጣጣሪ ይህን ሳታውቅ «ሞት ነበረ ወይ» ብላ ብትጀምር የጥያቄዋ ክብደት አይታያትም። ደብዳቤው ይህን በሁለት መስመር ነግሯት፣ የቀረውን በአካል የሚያጫውታት አንድ ነባር ባልደረባ በስም ይጥቀስላት።

ዓርብ ኅዳር 5 አቦ ነው። የቢሮ ሰው የወር በዓል ሲያይ ሥራ የሚፈታ ይመስለዋል። ለቤት ለቤት ሥራ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ኅዳር የአጨዳና የመኸር ወር ስለሆነ በአዘቦቱ ቀን ገበሬው ማሳ ላይ ይውላል፣ በዓሉን በሚያከብርበት ዕለት ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ይገኛል። የትኛው ቀበሌ የትኛውን ታቦት አጥብቆ እንደሚያከብር፣ ገበያውስ የት መቼ እንደሚውል የሚያውቀው የአካባቢው ተወላጅ መረጃ ሰብሳቢ ነው። የሳምንቱ ፕሮግራም ከመጽደቁ በፊት እሱ ይጠየቅ።

ከዚህ ሁሉ አንድ የአጻጻፍ ደንብ ይወጣል። በየጥያቄው አንጻር የሚያውቀውና የሚወስነው ሰው ተለይተው ይጻፉ፤ አንዳንዴ አንድ ሰው ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ግን ሁለት። ሾፌሩ መንገዱን ያውቃል፣ አስተባባሪው ጉዞውን ይፈቅዳል። ነባሯ ተቆጣጣሪ የውሎ አበል ቅጹ እንዴት እንደሚሞላ ታሳያለች፣ የሚያጸድቀው ግን ጎንደር ያለው ፋይናንስ ነው። «ፋይናንስ ክፍልን ያነጋግሩ» የሚል መስመር ለእንግዳ ሰው ምንም አይነግረውም፤ ስም፣ ስልክ፣ የሚገኝበት ከተማ ይጻፍ፤ ያ ሰው መስክ ወይም ፈቃድ ላይ ቢሆን ማን እንደሚተካውም ይታከልበት።

ርዝመቱ በስልክ ስክሪን ሁለት ሦስት ጊዜ ተገፍቶ የሚያልቅ ቢሆን ይበቃል፤ ያም በኢሜይሉ ገላ ላይ እንጂ በአባሪ ፋይል አይሁን። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አባሪው ላይከፈት ይችላል፤ ከዳባት ወርዶ ቀበሌ ውስጥ ደግሞ ጭራሹን ላይኖር ይችላል፤ እሑድ ጎንደር ሳለች ስክሪኑን ፎቶ አንስታ እንድትይዘው ይነገራት። ደብዳቤው መሥራት አለመሥራቱ ረቡዕ ላይ ይታወቃል። ያን ቀን አሁንም ጥበቃውን «ማንን ላናግር?» እያለች ከሆነ ስሕተቱ የእሷ አይደለም። መላኪያውም ከመምጣቷ በፊት ያለው ሐሙስ ቢሆን ይመረጣል፤ ለመጠየቅ አንድ የሥራ ቀን ይተርፋታል።

ባለፈው ዓመት ለሌላ ሰው የተጻፈውን ገልብጦ መላክ የተለመደ ነው፤ በመካከል ግን ሾፌሩ ተዛውሮ፣ የፋይናንሷ ባለሙያ ወሊድ ላይ ሆና ይገኛሉ። ስለዚህ «ላክ» የሚለውን ከመጫንዎ በፊት በደብዳቤው ላይ ላሉት ስልኮች ሁሉ አንድ በአንድ ይደውሉ፤ ለሚያነሳውም ሰኞ ማን እንደምትመጣ ይንገሩት።