ሚዜ ሁን ስንባል

ጥር የሠርግ ወር ነው። ሁዳዴ ከገባ በኋላ ሠርግ ስለማይደገስ፣ ልጁን የሚድረውም ሆነ ሚስት የሚያገባው ከጥምቀት በኋላ ባሉት ቀናት ይጣደፋል። በብዙ የደጋና የወይና ደጋ አገር ጥር የውቂያም ወር ነው። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። ዐውድማው በእበት ተለቅልቋል። ወንፈሉም ተራ ይዟል። እንግዲህ አንድ ዘመድ ወይም ጓደኛ መጥቶ «ሚዜ ሁነኝ» የሚለን በዚህ ጊዜ ነው።

ሚዜ መባል ክብር ነው። ሙሽራው ከብዙ ጓደኞቹ መካከል መርጦ የጠራው ሰው፣ ሙሽራይቱን አጅቦ የሚያመጣው እርሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእርሷ እንደ ወንድም ይቆጠራል። ባልና ሚስት ቢጋጩ፣ ከሽማግሌ በፊት ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሚዜው ነው። ስለዚህ «አልሆንም» ማለት ለጠያቂው «ዝምድናህን አልፈልግም» መስሎ ሊሰማው ይችላል። ብዙ ሰው ሳይችል እሺ የሚለው ይህን ፈርቶ ነው።

እሺ ከማለታችን በፊት ግን ሚዜነት ምን እንደሚጠይቅ ቁጭ ብለን እንቁጠር። አንድ ገበሬ እንውሰድ። የአጎቱ ልጅ በጥር መጨረሻ ሊያገባ ነውና አንደኛ ሚዜ እንዲሆነው ጠየቀው። ከዚህ በታች ያለውን ዋጋ ለምሳሌ ያህል ጻፍነው እንጂ፣ እያንዳንዳችን የራሳችንን ገበያ ዋጋ እናስገባበት።

ለሱሪና ለኮት 4,000 ብር ያስፈልገዋል። ለጫማ 2,000 ብር። ለሙሽሮቹ ስጦታ 1,500 ብር። ወጪው በዚህ አያበቃም። ከሠርጉ በኋላ ሚዜዎች ሙሽሮቹን በየቤታቸው ጠርተው ያበላሉ። ለዚህ ጥሪ በግ 7,500 ብር፣ ቅቤ፣ በርበሬና መጠጡ 3,000 ብር ያወጣል። ብዙ ሰው ሲያስብ የሚረሳው ይህንኑ የጥሪ ወጪ ነው። ልብሱን ብቻ አስቦ «ይኸማ አያቅተኝም» ይላል። ሁሉም ሲደመር 18,000 ብር ይሆናል።

ገበሬው 12,000 ብር አለው። ይህም ለማዳበሪያ ያስቀመጠው ነው። የጎደለውን 6,000 ብር ከአራጣ አበዳሪ ወሰደ እንበል፤ በየወሩ ለ100 ብር 10 ብር ሊከፍል። የ6,000 ብር ወለድ በወር 600 ብር ነው። እህል የሚያስገባው በታኅሣሥ ነውና ከጥር እስከ ታኅሣሥ ያለውን 11 ወር ይከፍላል። 600 በ11 ሲባዛ 6,600 ብር ነው። ዋናው ሲጨመርበት 12,600 ብር ይሆናል። ወለዱ ከዋናው ገንዘብ በለጠ ማለት ነው። የማዳበሪያውም ገንዘብ የለም፤ ስለዚህ ዕዳውን ይከፍልበታል የተባለው አዝመራ ራሱ ያንሳል።

አልበደርም፣ እህል ሸጬ እወጣዋለሁ የሚልም አለ። ይህም ቢሆን መታሰብ አለበት። በጥር ሁሉም ገበሬ እህል ስለሚያወጣ ዋጋው ይወርዳል። በጥር ያን እህል በርካሽ የሸጠ ሰው ጎተራው ሲጎድል፣ በሐምሌና በነሐሴ ራሱ ገዢ ሆኖ ገበያ ይወጣል። ያን ጊዜ በተወደደው ዋጋ ይገዛል።

የቀኑ ነገር ደግሞ ከገንዘቡ ይብሳል ብንል አልተሳሳትንም። ያው ገበሬ ለዳስ ሥራና ለጥሪ መልእክት 2 ቀን ይውላል። ሙሽራይቱን ለማምጣት 2 ቀን ይሄዳል። በጫጉላው ከሙሽሮቹ ጋር 3 ቀን ይቀመጣል። ለመልሱ 1 ቀን፣ ራሱ ለሚያደርገው ጥሪ 1 ቀን ያስፈልገዋል። በጠቅላላው 9 ቀን ነው። በአንዳንድ አገር ከዚህ ይበልጣል፤ በአንዳንዱ ያንሳል።

ዘጠኝ ቀን በክረምት መካከል ቢሆን ያው አረም ነው፤ ሚስትም ልጅም ሊያግዝ ይችላል። በውቂያ ጊዜ ግን ወንፈል አለ። ወንፈል ብድር ነው። ዛሬ አምስት ጎረቤት በሬውን ነድቶ መጥቶ የእኔን ጤፍ ካበራየልኝ፣ እኔም ለአምስቱም በየተራቸው መውጣት አለብኝ። ሚዜው በዘጠኙ ቀን ውስጥ የአራት ጎረቤቶቹ ተራ ቢያመልጠው፣ የእርሱ ተራ ሲደርስ አራት ሰውና የአራት ሰው በሬ ይጎድልበታል። ክምሩም ሳይወቃ ይቆያል። ያለጊዜው ዝናብ ቢጥል ጤፉ ይሻግታል፤ ከብትም ገብቶ ይበላዋል። ይህን ጉዳት በሠርጉ ቤት ያለ ሰው አያየውም። ዳሱ ውስጥ የሚታየው አዲሱ ኮት ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ቆጥረን አንችልም ካልን፣ እንዴት እንበል? ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ፈጥኖ መናገር ነው። ሙሽራው የሚዜዎቹን ቁጥር ለሴቷ ወገን ሳያስታውቅ፣ ልብስም ሳይገዛ ከነገርነው፣ ሌላ ሰው ለመጠየቅ ጊዜ ያገኛል። አዲሱም ሰው «የተረፈውን ሰጡኝ» ብሎ አይቀየምም። ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው የሚቀር ሚዜ ግን ያዋርዳል። ለመወሰን ጊዜ ከፈለግን «በሦስት ቀን ውስጥ እነግርሃለሁ» ብለን፣ በሦስተኛው ቀን መናገር ነው።

«እስቲ እግዜር ያውቃል»፣ «እናያለን»፣ «ኧረ ምን ችግር አለው» የሚሉት ቃላት በአገራችን የእሺ ምልክት ናቸው። እኛ በልባችን እምቢ ብለን ብንናገራቸውም፣ ሰሚው እሺ ብሎ ይወስዳቸዋል። በኋላ «አላልኩም» ብንል የሚያምነን የለም።

ምክንያቱም እውነተኛው ይሁን። ታምሜያለሁ ብሎ ማግሥቱን ገበያ ላይ መታየት አለ። ከዚህ የባሰው ግን ምክንያትን ማቀያየር ነው። እውነተኛው ችግራችን ቀን ሆኖ ሳለ «ልብስ የለኝም» ብንል፣ ሙሽራው ደግ ሰው ከሆነ ልብሱን ገዝቶ ይመጣል። ያን ጊዜ ምን እንላለን? ልብሱን ተቀብለን ውቂያችንን እንጥላለን፤ ወይም ልብሱን መልሰን ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን፤ ሰውዬውም መዋሸታችንን ያውቃል። በሌላ በኩል እውነተኛው ችግር ገንዘብ ብቻ ከሆነ፣ አፍሮ «ጊዜ የለኝም» ማለት አይበጅም። ገንዘብ መፍትሔ ሊኖረው ይችላልና። ሙሽራው «ባለህ ልብስ ና፤ ጥሪውም ይቅር» ሊል ይችላል።

ገበሬያችን የአጎቱ ልጅ ከአባቱ ጋር ሆኖ ሲመጣ እንዲህ አለ እንበል፦

«ጋሼ፣ ከሁሉ አስበልጣችሁ እኔን መምረጣችሁ ትልቅ ክብር ነው። ወንድምነቱን ከልቤ ተቀብያለሁ። ሚዜነቱን ግን አልችልም። የሠርጉ ሳምንት የወንፈሌ ተራ ነው፤ አራት ሰው ዕዳ አለብኝ። እሺ ብዬ ከመካከል ጥዬ ብሄድ እናንተንም አሳፍራለሁ። ለዳሱ የሚሆን እንጨት በአህያዬ ሦስት ጭነት አመጣለሁ። የሠርጉ ዕለትም ቆሜ አስተናግዳለሁ።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ክብሩና ሥራው ተለያይተዋል። ወንድምነቱን ተቀብሎ ቀኑን ብቻ ነው የመለሰው። «አልችልም» የሚለው ቃል በግልጽ ወጥቷል። የሚሰጠው እርዳታም የተቆጠረ ነው፤ «ያቅሜን እረዳለሁ» ሳይሆን «ሦስት ጭነት» ብሏል። ይህን ያለ ሰው እንጨቱን ማድረስ አለበት። ሦስት ጭነት ብሎ ሁለት ካደረሰ፣ ሚዜነትም እንጨትም ጎደለበት ይባላል። አባትየው ቢቆጣም ወዲያው መከራከር አያስፈልግም። ሽማግሌ ሰው በመጀመሪያው ቀን ተቆጥቶ፣ እንጨቱ ሲመጣ የሚበርድበት ጊዜ አለ። የማይበርድም አለ፤ ይህን ከወዲሁ አውቆ መግባት ነው።

ሴት ልጆቻችንም ይህ ነገር እየደረሰባቸው ነው። ከተማ ያለች የአክስት ልጅ ስታገባ «ሚዜ ሁኚኝ» ትላለች። በከተማ ሴቶቹ ሚዜዎች አንድ ዓይነት ቀሚስ ያሰፋሉ፤ አንድ ዓይነት ጫማ ይገዛሉ፤ ጸጉርም ይሠራሉ፤ መሳፈሪያውም አለ። ቀሚሱ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ገበያም ወደ ማኅበርም አይለበስም። ልጅቱ በመጀመሪያ የምትጠይቀው «ልብሱን የሚያሰፋው ማነው? ዋጋውስ ስንት ነው?» ብላ ነው። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ልክ ተለክታ ካበቃች በኋላ መቅረት ነው። በከተማ ወንድና ሴት ሚዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚሄዱ፣ አንዷ ስትቀር አንዱ ወንድ ያለ ጥንድ ይቀራል።

ጠያቂው ሩቅ አገር ከሆነ መልሱን በደብዳቤ እንጽፋለን። የሚከተለውን አይተን የራሳችንን እንጻፍ።

ታኅሣሥ 5 ቀን
ለወንድሜ
እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ሁላችን ደህና ነን። መልእክትህ ደርሶኛል። ሚዜ እንድሆንህ ስለ መረጥኸኝ እጅግ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን በጥር 20 ሠርግህ ጊዜ ጤፌ በዐውድማ ላይ ስለሆነ ሚዜ ልሆንህ አልችልም። ሌላ ሰው እንድትፈልግ አስቀድሜ ጽፌልሃለሁ። ለሠርጉ ዕለት ግን እመጣለሁ። አንድ ማድጋ ማርም ይዤ እመጣለሁ። ለእማማ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።
ወንድምህ

ደብዳቤውን የሚያደርሰው ሰው በሙሽራው እጅ እንዲሰጠው እንንገረው። ጠላ ቤት ተከፍቶ በሰው ፊት የተነበበ እንደሆነ፣ ሙሽራው እምቢታውን ከሌላ ሰው አፍ ሰማ ማለት ነው። ማድረሱንም ለማወቅ፣ መልእክተኛው ሲመለስ «ምን አለ?» ብለን እንጠይቀው። መልስ ካልመጣ ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በፊት ሁለተኛ ደብዳቤ እንላክ፤ ስልክ ያለው ደግሞ ደውሎ በቃሉ ይንገረው።