የቲማቲም ችግኝን ከፀሐይና ከብርድ ጋር ማለማመድ

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ብርድ ነው። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለ ሌሊት ውርጭ ሊወርድ ይችላል። ቲማቲም ደግሞ ውርጭ አይችልም። ስለዚህ የካቲት ላይ በጓሮው ቲማቲም ለመትከል የሚፈልግና ውሃ በቅርብ ያለው ሰው፣ ዘሩን አስቀድሞ በአሮጌ ሳፋ ወይም በተሰበረ ገንቦ ውስጥ ዘርቶ ያፈላል። ሳፋው ቀን ደጃፉ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ሲመሽ ምድጃ ወዳለበት ቤት ይገባል።

ችግኙ በዚህ ዓይነት ሲያድግ ያምራል። ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ፣ አገዳው ቀጭንና ረዘም ያለ ይሆናል። ታዲያ ይህን ችግኝ በአንድ ጊዜ ከቤት አውጥተው ጓሮ ቢተክሉት፣ በማግሥቱ ጠውልጎ ይገኛል። ብዙ ሰው «ዘሩ መጥፎ ነው» ወይም «ዓይን በላው» ይላል። ነገሩ ሌላ ነው። በጥላ ያደገ ቅጠል ቆዳው ስስ ነው። ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው በውስጡ ያለው ውሃ ቶሎ ይተናል፤ ሥሩ ደግሞ ያን ያህል ውሃ ቶሎ ስቦ ሊተካለት አይችልም። ወይፈን ሲገራ የመጀመሪያ ቀን ቀኑን ሙሉ አይታረስበትም። ችግኝም እንዲሁ በጥቂት በጥቂቱ ይለማመዳል። ለዚህም ከመትከያው ቀን በፊት 10 ቀን ያህል ይበቃል።

አንዲት የሞጣ ገበሬ ዘሩን ታኅሣሥ 15 ቀን ዘራች እንበል። ጥር 25 ቀን ችግኙ 40 ቀን ይሆነዋል፤ አራት ወይም አምስት እውነተኛ ቅጠልም ያወጣል። (መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ጠባብ ቅጠሎች አይቆጠሩም።) በዚያን ቀን ማለማመድ ትጀምራለች።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሳፋውን ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ፀሐይ ላይ ታወጣና መልሳ ጥላ ሥር ታስገባለች። የጧት ፀሐይ ለስላሳ ስለሆነ አይጎዳውም። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን እስከ 5 ሰዓት ታቆየዋለች። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላም ከ9 ሰዓት እስከ ማታ ፀሐይ ታስመታዋለች፤ ነፋሱንም ይለምዳል። የቀትሩን ፀሐይ የሚያገኘው ከሰባተኛው ቀን በኋላ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ሌሊቶች ሳፋው ውጭ ከቤቱ ክፈፍ ሥር ያድራል። ነገር ግን ማታ ሰማዩ ከጠራና ብርዱ ከበረታ ወደ ቤት መመለስ አለበት። መለማመድ ችግኙን ያጠነክረዋል እንጂ ቲማቲምን ከውርጭ አያድነውም። ጥቅል ጎመን ቢሆን ኖሮ፣ የተለማመደው ችግኝ ቀላል ውርጭ ይችል ነበር። ዶሮዎችንም መጠበቅ ነው፤ ውጭ የዋለ ሳፋ ለእነሱ ድግስ ነው።

ውሃውም ይቀነሳል። ቀድሞ በየቀኑ ይጠጣ የነበረው አሁን በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ይጠጣል። ውሃ ሲያንሰው ወደ ላይ መመዘዙን ይተውና አገዳው ይደነድናል። ቢሆንም ጨርሶ እስኪደርቅ አይተውም። ጣት ወደ አፈሩ ሲገባ ከሥር ትንሽ እርጥበት መገኘት አለበት። በዚህ ጊዜ ፍግ አይጨመርም፤ እንደገና ያለሰልሰዋልና።

ጥድፊያው መብዛቱ ከቅጠሉ ይታወቃል። በቀትር ትንሽ ጠውልጎ ማታ ከተቃና ደህና ነው። ማታም ካልተቃና ውሃ ሰጥቶ ሁለት ቀን ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ቅጠሉ ላይ እንደ ወረቀት የነጣ ደረቅ ነጠብጣብ ከታየ ፀሐይ አቃጥሎታል፤ የነጣው ቦታ ተመልሶ አይለመልምም፤ ቀንበጡ ደህና ከሆነ ግን ችግኙ ይተርፋል። በተቃራኒው ከሁለት ሳምንት በላይ በጥምና በብርድ የቆየ ችግኝ አገዳው እንደ እንጨት ይሆናል፤ ቅጠሉ ይቢጫል። እንዲህ ያለው ቢተከልም ለማደግ ብዙ ጊዜ ይወስድበታል።

በደንብ የተለማመደ ችግኝ አገዳው እንደ እርሳስ የወፈረ፣ ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ሲነካም ጠንከር ያለ ነው። የካቲት 5 ቀን ለመትከል ዝግጁ ይሆናል። በዋዜማው ማታ ሳፋው በደንብ ውሃ ይጠጣል፤ አፈሩ ከሥሩ ጋር ተያይዞ እንዲነሣ ነው። ተከላው ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበርድ ይሁን። ችግኙ ከነአፈሩ ተነሥቶ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ዙሪያው በእጅ ተጠቅጥቆ ወዲያው ውሃ ይጠጣል። ከሳምንት በኋላ ጫፉ ላይ አዲስ ቅጠል ብቅ ካለ ሥር ይዟል ማለት ነው።