አንተ ወይስ አንቱ? የቀጠሮ መልእክት አጻጻፍ በይፋት ቆላ

የቀጠሮ መልእክት ለመጻፍ ስልክዎን ሲያነሡ ከቀኑም ከሰዓቱም በፊት የሚወስኑት ነገር አለ፤ ተቀባዩን አንተ ይሉታል ወይስ አንቱ?

መጀመሪያ ዕድሜን ይዩ። በእናት በአባትዎ ዕድሜ ላለ ጎረቤት አንቱታ የግድ ነው። ቀጥሎ ሥራን ይዩ። የልጅዎ መምህር በዕድሜ ቢያንስዎትም የመጀመሪያው መልእክት በ«እርስዎ» ይጻፍ፤ እሱ ራሱ «አንተ በለኝ» ካለ ከዚያ ወዲያ መቅለል ይቻላል።

አሁን አንድ ጉዳይ እንውሰድ። ሽማግሌ እንዲሆኑልዎ የሚፈልጓቸው ሼህ በሰንበቴ ይኖራሉ እንበል። እሑድ የሰንበቴ ገበያ ነው፣ ዓርብ እኩለ ቀን ደግሞ ጁምዓ አለ፤ ስለዚህ ቅዳሜን ይምረጡና እንዲህ ይጻፉ፦

«አሰላሙ አለይኩም ሼህ፣ እንዴት ዋሉ? ለአንድ ጉዳይ ላማክርዎት ፈልጌ ነበር። ቅዳሜ ከአስር ሶላት በኋላ ቤትዎ ብመጣ ይመችዎታል? ካልሆነም እርስዎ ባሉኝ ቀን እመጣለሁ።»

ሄዶ የሚጠይቀው ባለጉዳዩ ስለሆነ «ይምጡ» የሚል ቃል የለበትም። «ሶላት» የሚለውንም አይተዉት፤ «ከአስር በኋላ» ብቻ ከተባለ የሰዓቱን አስር የሚመስለው አለ።

ብዙ አባቶች ግን መልእክት የሚያነብላቸው ልጃቸው ነው። ለልጁ ከጻፉ በአንድ መልእክት ውስጥ ሁለት አጠራር ይገባል፤ ልጁ አንተ፣ አባቱ እሳቸው።

«ወንድሜ፣ አባትህን ላማክራቸው ፈልጌ ነበር። ቅዳሜ ከአስር ሶላት በኋላ ብመጣ ይመቻቸው እንደሆነ ጠይቀህ ንገረኝ።»

እዚህ ላይ «ይመቻቸው» በችኮላ «ይመቸው» ከሆነች፣ ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ አባትየው «እሱ» መባላቸውን ይሰማሉ። ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ለጓደኛ የተጻፈን መልእክት ገልብጦ ስሙን ብቻ ከመቀየር ነው። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት የየግሱን መጨረሻና «ቤትህ»፣ «ስልክህ» የመሰሉትን ቃላት አንድ በአንድ ይፈትሹ። «ነገ ይመጣሉ?» የሚለውም ያምታታል፤ ሌሎች ሰዎች ይመጡ እንደሆነ የጠየቁ ሊመስል ይችላልና «እርስዎ ነገ ይመጣሉ?» ይበሉ።

ለሥራ ባልደረባ፣ በተለይ ገና ላልተላመዱት፣ ማንንም የማይጠራ ዓረፍተ ነገር ይበጃል፦ «ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይ መገናኘት ይቻላል?» መልሱ በአንተ ከመጣና ዕድሜያችሁ ከተቀራረበ እርስዎም በአንተ ይቀጥሉ።

ለጓደኛ «11 ሰዓት መናኸሪያው ጋ ጠብቀኝ» በቂ ነው። አብሮ አደግን አንቱ ማለት የተቀየሙት ያስመስላል።

ሁሉን አመዛዝነው አሁንም ከተጠራጠሩ በአንቱ ይጀምሩ። ከአንቱ ወደ አንተ መውረድ ቀላል ነው፤ አንተ ያሉትን ሰው ግን በማግስቱ አንቱ ማለት ለሁለታችሁም ይከብዳል።