የፋሲካ ሰሞን ደም

አንድ የ46 ዓመት መምህርን እናስብ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ቀን በዶሮ ወጥና በጠጅ ካሳለፈ በኋላ፣ ቁርሱንም በልቶ ለምርመራ ደም ይሰጣል። የውጤቱ ወረቀት ጠቅላላ ኮሌስትሮል 248፣ ኤችዲኤል 40፣ ትራይግሊሰራይድ 430፣ ኤልዲኤል 122 ይላል፤ መለኪያው ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። መምህሩ 430ን አይቶ ይደነግጣል። 122ን ግን “ይሄስ ደህና ነው” ብሎ ያልፈዋል።

አደጋው ያለው ደህና ባለው ቁጥር ላይ ነው።

ብዙ ላብራቶሪዎች ኤልዲኤልን አስልተው እንጂ በቀጥታ ለክተው አይሰጡም። ፍሪድዋልድና ባልደረቦቹ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ቀመር ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልና የትራይግሊሰራይድ አንድ አምስተኛ ይቀነሳል። ከ248 ላይ 40ና 86 ሲነሳ 122 ይቀራል። አንድ አምስተኛው ግን ግምት ነው። ትራይግሊሰራይድ በጣም ሲንር ቀመሩ ከሚገባው በላይ ይቀንስና ኤልዲኤል ካለበት ዝቅ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ከ400 በላይ አይታመንም፤ አንዳንድ ላብራቶሪዎች ቦታውን ባዶ ይተዉታል።

መምህሩ ለሐኪሙ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦

“ለተከበሩ ዶክተር፣ ውጤቴ አስጨንቆኛል። ደም የሰጠሁት ቁርስ በልቼ፣ በበዓሉም ጠጅ ጠጥቼ ነው። የምወስደው መድኃኒት የለም። አባቴ በ52 ዓመቱ በድንገተኛ የልብ ሕመም አርፏል። ኤልዲኤሌ ተለክቶ ነው ወይስ ተሰልቶ? በባዶ ሆድ ደግሜ እንድመረመር ያዝዙልኛል? የስኳርና የታይሮይድ ምርመራም ያስፈልገኝ እንደሆነ ቢያስረዱኝ።”

ጥሩ ደብዳቤ ነው። ቁርሱም፣ ጠጁም፣ የአባቱ ዕድሜም ወረቀቱ ላይ የሉም፤ ሐኪሙ ሊያውቃቸው የሚችለው ከታካሚው ብቻ ነው። ትራይግሊሰራይዱ ከ1000 ያለፈ ወይም ከላይኛው ሆዱ ወደ ጀርባው የሚዘልቅ ብርቱ ሕመም የያዘው ሰው ግን ደብዳቤ ሲጽፍ መቆየት የለበትም። ቆሽቱ ተቆጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይ ሕመሙ ካለ፣ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲደገም ያዛል፤ መጠጥ ለቀናት እንዲቀር፣ ከምርመራው በፊትም ለ12 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም እንዳይቀመስ። አዲሱ ውጤት 236፣ 42ና 190 ይሆናል። ትራይግሊሰራይዱ ከግማሽ በታች ወረደ። በቀመሩ ሲሰላ ኤልዲኤል 156 ሆነ፤ ጨመረ ማለት ነው!

መምህሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ አልባሰበትም። ተሸፍኖ የነበረው ታየ እንጂ። ፍንጩ በመጀመሪያው ወረቀት ላይም ነበር፦ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ኤችዲኤልን ብቻ መቀነስ። ያኔ 208 ነበር፣ አሁን 194 ነው። ይህ ስሌት የትራይግሊሰራይድ ግምት ስለማያስፈልገው በቁርስ ብዙም አይናወጥም። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙና መምህሩ የሚነጋገሩት በ156ቱና በአባቱ ዕድሜ ላይ ይሆናል፤ የደም ግፊቱም ይለካል፣ ሲጋራ ያጨስ እንደሆነም ይጠየቃል፣ መድኃኒት መጀመር አለመጀመሩም ከዚያ በኋላ ይወሰናል።