ጽሑፉ በማይነበብ ስልክ ላይ የምልክቶች ፍቺ፦ በዐረብኛ የተዘጋጀ አንድሮይድ ስልክ እንደ ማሳያ

በስልክ ገጽ ላይ በብዛት ከሚታዩት ምልክቶች መካከል ማርሹ ወደ ቅንብሮች፣ ያልተያያዙት ሦስት ነጥቦች ወደ ተጨማሪ ትእዛዞች፣ የተደራረቡት ሦስት መስመሮች ደግሞ ወደ ዋናው ማውጫ ያስገባሉ። ሦስቱም በሮች ናቸው፤ ከበሩ በስተጀርባ ግን ተጠቃሚውን የሚጠብቀው እንደገና ጽሑፍ ነው። በሁለት መስመር የተያያዙት ሦስት ነጥቦች፣ ማለትም የማጋሪያው ምልክት፣ ከእነዚህ ይለያል። ሲነካ የሚዘረዝራቸው መተግበሪያዎች በዓርማቸው ስለሚታወቁ ማንበብ ለማይችል ሰው ይቀልላል። በሌሎቹ ዘንድ ግን የምልክቱን ፍቺ ማወቅ ብቻውን አያደርስም፤ ትክክለኛው ገጽ የተከፈተ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሌላ ፍንጭ ያስፈልጋል።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በዐረብኛ እንደተዘጋጀ የመጣ አንድሮይድ ስልክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ የገጹ አቀማመጥም አብሮ ይገለበጣል። በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ በግራ ጥግ የሚገኘው የማውጫ ምልክት በቀኝ፣ በቀኝ የሚገኙት ሦስት ነጥቦች በግራ ይሆናሉ፤ የመመለሻው ቀስትም ወደ ቀኝ ያመለክታል። አቅጣጫ የሌለው ማርሽ ግን መልኩ አይለወጥም። ስለዚህ ፍለጋው ከእርሱ ይጀምራል።

ማርሹ ሲከፈት ረጅም ዝርዝር ይመጣል። የቋንቋ ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ስልኩ ጠቅላላ ሥርዓት በሚናገረው ክፍል ውስጥ ይገኛል፤ ክፍሉ በዝርዝሩ ላይ ያለው ስፍራና ምልክቱ ግን ከአምራች አምራች ይለያያል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ በብዙ ስልኮች ዳታን በሙሉ የሚያጠፋው ትእዛዝ በዚሁ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ሁለቱን ገጾች ሳያነቡ መለየት ይቻላል። ቋንቋ ለመጨመር በሚከፈተው ዝርዝር ላይ እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ፊደል ስለሚጻፍ «አማርኛ» የሚለው ቃል በግዕዝ ፊደል ይታያል። የባለቤቱ የኢሜይል አድራሻ የተዘረዘረበት ወይም የመክፈቻ ቁልፍ ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ከመጣ ግን ምንም ሳይነኩ መመለስ ይገባል።

አማርኛ ከተጨመረ በኋላ ስልኩ ወዲያው ካልተለወጠ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ቋንቋ በሁለተኛ ተራ መቀመጡ ነው። በብዙ ስልኮች በቋንቋው ስም አጠገብ የሚታዩት አጫጭር የተደራረቡ መስመሮች የማውጫውን ምልክት ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን ሌላ ነው። ቢነኩ ምንም አይከፍቱም፤ ጣት ሳይነሣ ወደ ላይ ሲጎተቱ ግን ቋንቋውን ወደ አንደኛ ተራ ያወጡታል። ያን ጊዜ ገጹ ወደ አማርኛ ይዞራል፣ ምልክቶቹም ወደ ለመዱት ጎን ይመለሳሉ።

ከዚህ እንደሚታየው ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸው መስመሮች በገጹ ራስጌ ላይ ማውጫ፣ በአንድ ረድፍ ዳር ደግሞ መጎተቻ ይሆናሉ። ፍቺያቸውን የሚወስነው ቅርጻቸው ብቻ ሳይሆን የተቀመጡበት ስፍራም ጭምር ነው።