ቧንቧው ሲጠብ ግፊቱ ለምን ይወድቃል?

ብዙዎቻችን ውሀ ከሰፊ ቧንቧ ወደ ጠባብ ሲገባ የሚጨናነቅና ግፊቱም የሚጨምር ይመስለናል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ይህን ለመረዳት በነቀምቴ ከተማ በአግድም የተዘረጋ አንድ ቧንቧ እናስብ። የሰፊው ክፍል ዲያሜትር 10፥ የጠባቡ 5 ሳንቲሜትር ነው። ውሀው በሰፊው ክፍል በሴኮንድ 4 ሜትር ይሄዳል፤ እዚያ የተተከለው የግፊት መለኪያ 40 ኪሎፓስካል ያሳያል። በጠባቡ ክፍል ያለው ግፊት ስንት ነው?

በመጀመሪያ ፍጥነቱን እንፈልግ። ውሀ በቀላሉ የማይታመቅ ስለ ሆነ በሰፊው በኩል የገባው ያህል በጠባቡ በኩል ማለፍ አለበት።

A₁v₁ = A₂v₂

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባናል። ዲያሜትሩ በግማሽ ሲያንስ የቧንቧው አፍ ስፋት የሚያንሰው ወደ ሩብ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ 8 ሳይሆን በሴኮንድ 16 ሜትር ይሆናል።

እንግዲህ ውሀውን ከ4 ወደ 16 ያፈጠነው ምንድን ነው? ቧንቧው አግድም ስለ ሆነ ቁልቁለት አላገዘውም፤ የገፋው ከኋላው ያለው ውሀ ነው። ስለዚህ የኋላው ግፊት ከፊተኛው መብለጡ ግድ ነው። በዳንኤል ቤርኑሊ ስም የሚጠራው ቀመር የሚለውም ይህንኑ ነው።

p₁ + ½ρv₁² = p₂ + ½ρv₂²

የአንድ ሜትር ኩብ ውሀ ክብደት 1000 ኪሎግራም ነውና የግፊቱ መውደቅ ½ × 1000 × (256 − 16) = 120,000 ፓስካል፥ ማለት 120 ኪሎፓስካል ነው። ከ40 ላይ 120 ስንቀንስ −80 እናገኛለን።

ይህን ቁጥር አይተን ተሳስተናል ብለን ወረቀቱን አንቅደድ። መለኪያው መቁጠር የሚጀምረው ከውጭው አየር ግፊት ነው፤ −80 ማለት ከውጭው አየር በ80 ያነሰ ማለት ነው። በባሕር ዳርቻ፥ ለምሳሌ በጅቡቲ፥ የአየሩ ግፊት 101 ገደማ ስለ ሆነ 21 ይተርፋል፤ መልሱም ያስኬዳል። ነቀምቴ ግን 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ የሚገፋው በ79 ገደማ ብቻ ነው። ከ79 ላይ 80 ሲነሣ ከባዶ በታች ይሆናል፤ በእንዲህ ያለ ቧንቧ ይህ ሊሆን አይችልም።

እንዲያውም 20 ዲግሪ የሞቀ ውሀ ግፊቱ ወደ 2.3 ሲወርድ ሳይግል ይፈላል። በጠባቡ ክፍል አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ወደ ሰፊ ቦታ ሲደርስ ሲፈርስ ጠጠር የሚንከባለል የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ቀመሩን ወደ ኋላ ብናሰላ፥ በሰፊው ክፍል 40 ብቻ ሳለ ውሀው በነቀምቴ በሴኮንድ ከ3.9 ሜትር ብዙም ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ጥያቄው ራሱ የማይሆን ነገር ሰጥቶናል።

ይህ ሁሉ ስሌት ሰበቃን አልቆጠረም፤ ረጅምና ሸካራ ቧንቧ ቢሆን ግፊቱ ከዚህም ይበልጥ ይወርዳል። ደግሞም ግፊቱ ከውጭው አየር ባነሰበት ቦታ ቧንቧው ቢሰነጠቅ ውሀ አይወጣም፤ ይልቁን የውጭው ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ መልሳችን ከዜሮ በታች ሲሆን የቦታውን የአየር ግፊት እንደምርበት፤ ድምሩ ከ2.3 ካነሰ ግን የተሰጠው ፍጥነት የማይደረስበት ነው።