ለመኖ ቸርቻሪዎች የጅምላ ዋጋ እርከን ሲወጣ

ቢሾፍቱ ያለ አንድ የመኖ ማቀነባበሪያ ለሁለት የአዳማ ሱቆች የወተት ላም መኖ ያቀርባል እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ብቻ የተወሰዱ ናቸው። ከ10 እስከ 49 ኩንታል ለሚወስድ ነጋዴ ኩንታሉ 3,800 ብር፣ ከ50 ኩንታል ጀምሮ ደግሞ 3,700 ብር ነው።

ትንሹ ሱቅ 10 ኩንታል ይወስዳል። ለማጓጓዣና ለማውረጃ በኩንታል 130 ብር ስለሚያወጣ መኖው ሱቁ ሲደርስ 3,930 ብር ይሆንበታል። ትልቁ ሱቅ መኪናውን ሞልቶ ስለሚጭን ወጪው 80 ብር ብቻ ነው፤ መኖው በ3,780 ብር ይደርስለታል። ስለዚህ ትልቁ በ3,930 ብር ቢሸጥ 150 ብር ይቀረዋል፤ ትንሹ ግን በዚሁ ዋጋ ምንም አያገኝም።

ስህተቱ ያለው በእርከኖቹ ልዩነት ላይ ነው። ሞልቶ የሚጭን ነጋዴ ከማጓጓዣው አስቀድሞ 50 ብር ተጠቅሟል። ፋብሪካው የሚጨምርለት ቅናሽ በአንድ ጊዜ በመጫንና በአንድ ደረሰኝ በመሸጥ እሱ ራሱ ከሚያድነው ወጪ መብለጥ የለበትም። ያዳነው 30 ብር ከሆነ የላይኛው እርከን 3,770 ብር ይሆናል፤ የሁለቱ ሱቆች ልዩነትም ወደ 80 ብር ይወርዳል።

ዝቅተኛው የትእዛዝ መጠን ሱቁ በአንድ ወር ገደማ ሸጦ የሚጨርሰው ይሁን። በሳምንት ሦስት ኩንታል የሚሸጥ ሱቅ 10 ኩንታል ይበቃዋል። ለቅናሹ ሲል 50 ቢወስድ ግን ወደ አራት ወር ገደማ ይቆይበታል። የተቀነባበረ መኖ፣ በተለይ በክረምት እርጥበት፣ ይሻግታል፤ ነጋዴውም ከመበላሸቱ በፊት ብሎ ከገዛበት በታች ያራግፈዋል። ገበያ ላይ ያለ ምክንያት የረከሰ መኖ ካያችሁ በጆንያው ላይ የተመረተበትን ቀን ተመልከቱ። ለትናንሽ ሱቆች የሚሻለው ሁለት ሦስት ሆነው አንድ መኪና በጋራ መጫን ነው፤ ደረሰኙ ግን ለየብቻ ይቆረጥ።

ሱቆቹን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ፋብሪካው ራሱ በር ላይ ለአርቢ በጅምላ ዋጋ ሲሸጥ ነው። የአዳማ አርቢ አንድ ኩንታል በ3,800 ገዝቶ 150 ብር ለማጓጓዣ ቢከፍል 3,950 ይሆንለታል። ትንሹ ሱቅ ይህን ዋጋ ለመስጠት 20 ብር ብቻ አትርፎ መሸጥ አለበት። የበሩ የነጠላ ዋጋ 4,000 ብር ቢሆን ግን አርቢው ጋ 4,150 ስለሚደርስ ሱቁ በ4,050 ሸጦ 120 ብር ያገኛል።

ታዲያ ፋብሪካው ሱቆቹን «ከዚህ በታች እንዳትሸጡ» ቢላቸው አይቀልም? አይቻልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አቅራቢ ከቸርቻሪ ጋር ዝቅተኛ የችርቻሮ ዋጋ ለመወሰን እንዳይስማማ ይከለክላል። ፋብሪካው የሚያዝበት የራሱ ዋጋ ነው፦ እርከኑ፣ ዝቅተኛው መጠንና የበሩ ዋጋ።

ዝርዝሩን ከማውጣታችሁ በፊት መኖው በየእርከኑ ላለ ሱቅ ስንት ሆኖ እንደሚደርስ፣ ከበር የገዛ አርቢ ጋም ስንት ሆኖ እንደሚደርስ ጎን ለጎን ጻፉ። የአርቢው ከትንሹ ሱቅ መሸጫ ካነሰ ዝርዝሩ ገና አልተስተካከለም።